የባለ ሁለት መርፌዋ ይግባኝ

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ባለ ሁለት መርፌዋ ነው የሚሏት። ቆዳ ስትሰፋ አንዱን ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ታስገባበትና ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ እያሳለፈች ጥብቅ ታደርገዋለች። እንዲህ የተሰፋ ቦርሳ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ እንኳ እንደ መኪና ስፌት ተያይዞ አይተረተርም። ሥራው ይዘገያል፣ ጣት ያቆስላል፣ ወገብ ይቆርጣል። እሷ ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ማጣበቂያ የሚባል ነገር ቤቷ ድርሽ አይልም።

ለዚህ ምክንያት አላት። ገና ጉርምስናዋ ሳያልፍ ነው ቦርሳ ፋብሪካ የገባችው፤ የመደቧትም ማጣበቂያ ክፍል ነበር። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ አይከፈትም። ቀኑን ሙሉ ብሩሿን እየነከረች የቆዳውን ጠርዝ ስትቀባ ትውላለች፤ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ራሷ ይዞራል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ስትስቅ ትደርሳለች። ታናሽ ወንድሟ በመጀመሪያ ደስ ብሏት መስሎት አብሯት ይስቅ ነበር። ሳቁ ቆመና ሳል መጣ፤ ሳሉ ደግሞ የሚያቆም ዓይነት አልነበረም። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ፣ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ፣ ብዙ አላወራችም። «መድኃኒት እሰጥሻለሁ፣ ትድኛለሽ። እዚያ ክፍል ከተመለስሽ ግን ወደ እኔ አትምጪ፤ ሁለተኛ የምሰጥሽ ነገር የለኝም» አለቻት። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው።

ከፋብሪካው ስትወጣ እጇ ላይ የነበረው ሙያ ማጣበቅ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ጫማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ሁለት መርፌ መያዝን ከእሳቸው ተማረች። የመጀመሪያ ቦርሳዋ አንድ ጎኑ ወደ ታች የተንጋደደ፣ መዝጊያው ከአፉ የማይገጥም ጉድ ነበር። ወንድሟ ያንን ጉድ አንግቶ ዓመቱን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተመላልሶበታል፤ የሳቀበትን ሁሉ «እህቴ ናት የሠራችው፣ ዘወር በል!» እያለ።

ስለዚህ ወንድም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ማህተም ነው፤ ስሙም ልክክ ብሎለታል። ለሱ ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። ሱቅ ሲላክ እንኳ የሚገዛውን ጽፎ፣ ቀን አድርጎበት፣ ከሥር ፈርሞ ነው የሚሄደው። ደመወዙ ከቤት ኪራዩ አያልፍም። ሆዳቸውን የሚሸፍነው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ የሷን መድኃኒት የሚገዛው ቦርሳው ነበር። ቦርሳውን ደግሞ የሚሸጠው በስልክ የሚገባበት ትልቁ የኦንላይን ገበያ ነው። ወንድሟ በስሟ አካውንት ከፈተላት፣ ፎቶ አነሳላት፣ ገጽ ሠራላት። አንድ ዓይነት ቦርሳ ነው የምትሠራው፤ ገጹም አንድ ብቻ ነው። ሥሩ ግን ገዢዎች የጻፉት ጥሩ ጥሩ ቃል ተደርድሮበታል። አይታ የማታውቀው አገር ሰው ሁሉ «እናቴ በጣም ወደደችው» ብሎ ጽፎላታል። እነዚያን እያስነበበች ብዙ ምሳ በልታለች።

መዝጊያው ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ታርፋለች። አንድ ደንበኛ «ምልክት አድርጊበት፣ የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቅ» ብሏት ከወፍራም ብሎን ራስ ላይ በሞረድ የቀረጸቻት ናት። እውነቱን ለመናገር ቅጠል ልትሠራ ነበር ያሰበችው፤ ሞረዱ አዳልጧት ቅጠሉ ምንቃር አወጣ። በዚያው ወፍ ሆነች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች፣ ጭራዋ ቁርጥ ያለ፣ ምንም የማታምር ወፍ። ብሎኑን እርጥብ ቆዳ ላይ ታቆመውና በመዶሻ አንድ ጊዜ ትመታዋለች፤ በቃ።

ያቺ ወፍ ናት ጉድ ያፈላችው።

ወንድሟ ለምሳ ሲመጣ ወትሮ ገና ከበር «ምን አለ?» እያለ ነው የሚገባው። ያን ቀን ዝም ብሎ ገባና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። እሷ መሬት ላይ የተዘረጋ ቆዳ ላይ ተንበርክካ ትቆርጣለች።

«እታለም፣ እስቲ ተነሽና ወንበር ላይ ቁጭ በይ።»

«እዚሁ ንገረኝ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ገጹን አወረዱት።»

«የምኑን ገጽ?»

«የቦርሳውን። ስንት ገጽ አለሽና!» አለና ስልኩን ገልብጦ አነበበላት። መልእክቱ ጨዋ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ ጨዋ ነው። ዕቃዎ የሌላ ባለመብትን የንግድ ምልክት አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ስለተጠረጠረ ከገበያችን ላይ ተነስቷል ይላል። ይግባኝ ለማለት ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ከአምራቹ ወይም ከአከፋፋዩ የተሰጠ የግዢ ደረሰኝ፣ አለዚያም ከምልክቱ ባለቤት የተሰጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያያይዙ ይላል።

«ፎርጅድ ነው እያሉኝ ነው?» አለች።

«እንደሱ አላሉም፣ ተጠርጥሯል ነው...»

«ፎርጅድ እያሉኝ ነው ወይ አልኩህ!»

«አዎ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። «የማንን ነው አስመሰለች የሚሉኝ?» አለች። ወንድሟ ፈልጎ አሳያት። በዓለም የታወቀ የቦርሳ ኩባንያ አለ፤ ምልክቱ ክንፏን ዘርግታ ሽቅብ የምትበር ወፍ ናት። አያት፣ የራሷንም አየች፣ ደግማ አየች።

«ይቺ እኮ እየበረረች ነው። የኔዋ ቆማ ኋላዋን ነው የምታየው። ዓይን የላቸውም?»

ዓይን የለውም። ፎቶውን ያየው ሰው ሳይሆን የኮምፒውተር ፍተሻ ነው። ወፍ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ቦርሳ አለ፤ ደምሮ ፈረደ። ወንድሟ ይህን ሲያስረዳት ገባት፤ ሲገባት ደግሞ ቀለል አላት። ስህተት ነው እንጂ ክፋት አይደለም፤ ስህተት ደግሞ ሲነገር ይታረማል አለች። የመጀመሪያውን ይግባኝ ያስጻፈችው በዚህ መንፈስ ነው፤ አጭር ነበር። ቦርሳውን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ከማንም አልገዛሁትም፣ ወፏም የኔ ናት፣ እባካችሁ እዩልኝ።

መልሱ መጣ። ስለ ይግባኝዎ እናመሰግናለን ካለ በኋላ፣ ከአምራቹ የተሰጠ ደረሰኝ ስላላያያዙ ገጹን መመለስ አልቻልንም ይላል።

ከዚያ ወንድሟ የደንበኞች ድጋፍ በሚሉት የጽሑፍ መስኮት ገባ። እሷ ከጀርባው ቆማ በትከሻው ላይ ታያለች። ከወዲያ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሰው ይሁን ማሽን እግዜር ይወቀው። ብቻ ትሕትናው ያንገበግባል።

«ደረሰኙን ከአምራችዎ ጠይቀው ያያይዙልን።»

«አምራቹ እኔ ነኝ» በል አለችው። ጻፈው።

«ስለ ማብራሪያዎ እናመሰግናለን። እባክዎ አምራችዎን አነጋግረው ደረሰኝ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።»

«አነጋገርኩት፣ አለቀሰ በለው!» አለች። ወንድሟ ይህን አልጻፈም። በትዕግሥት ሁለቴ ሦስቴ ሞከረ፤ በመጨረሻ «ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?» ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ።

ትእዛዝ ቆመ። ገጹ ከሌለ ገዢ በምን ያውቃታል? የተቆረጠው ቆዳ ተቆርጦ ቀረ። ያለቁት ቦርሳዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው እንግዳ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ሰፈር ውስጥ ልሽጥ ብላ ይዛ ወጣች፤ ሰዉ ዳሰሰ፣ አደነቀ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ፣ አልገዛም። ሰፈርተኛው ለቦርሳ የሚተርፍ ነገር እንደሌለው እሷም ታውቃለች።

በዚህ መሀል የፋብሪካ ጓደኛዋ መጣች፤ ማጣበቂያ ክፍል አብረዋት ከገቡት ውስጥ እስካሁን እዚያው ያለችው። አሁን የክፍሉ ተቆጣጣሪ ሆናለች። ስታወራ በየመሀሉ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

«ሰው እየቀጠርን ነው። አለቃው ያቺ ልጅ ትምጣ፣ እጇን አውቀዋለሁ ብሏል» አለቻት።

«ማጣበቂያ ነው?»

«ሌላ ክፍል ቢኖር አልነግርሽም? ማጣበቂያ ነው። ቦታውን ይዤልሻለሁ፤ ብዙ ግን አላቆይም፣ በር ላይ የተሰለፈው ሰው አይጣል ነው።»

ባለ ሁለት መርፌዋ አመሰገነቻት፣ እስከ በር ሸኘቻት፣ ተመልሳ ገብታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከሞት ጋር ዕድሜ ልክ ስትደባደብ ኖራ፣ አንድ ቁርጥ ጭራ ያላት ወፍ መልሳ እጁ ላይ ልትጥላት ነው። ይህንኑ ለወንድሟ ነገረችው። «እዚያ ከገባሁ አልወጣም። ታውቃለህ አይደል? አልወጣም።»

ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ቀጥሎ ያደረገውን ያደረገው።

በነጋታው ከሥራ ሲመለስ ዓይኑ ያበራል። «አገኘሁት!» አለ። «አምራቹ ደረሰኝ ይስጥ ነው ያሉት አይደል? ይስጣ! አምራቹ አንቺ፣ ሻጯም አንቺ። አምራቿ ለሻጯ ደረሰኝ ትቁረጥላት።»

«ከራሴ ለራሴ ልሸጥ?»

«እነሱ እኮ ናቸው የጠየቁት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ይኼንኑ ነው፤ ሰዎች የሚፈልጉት ወረቀት ነው። የፈለጉትን ወረቀት ስትሰጫቸው ፋይሉ ይዘጋል።»

ደስ አላላትም። ግን ወንድሟ ነው፣ የወረቀት ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ መተንፈሻ ጠፍቷታል። አልከለከለችውም። እሱም ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን የተማረውን ሁሉ ደረሰኙ ላይ አፈሰሰ። የሁለት መርፌ የቆዳ ሥራ የሚል ርዕስ፣ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የገዢ ስም፣ የሻጭ ፊርማ። ማህተም ቀራጭ ዘንድ ሄዶ ክብ ማህተም አስቀረጸበት፤ መሀሉ ላይ ሁለት መርፌ ተጣምረው። እንዲህ ያለ ቆንጆ ደረሰኝ ያቺ ከተማ አይታ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ገበያው የጠየቀው ገጹ ከመውረዱ በፊት የተቆረጠ ደረሰኝ ነው። ወንድሟ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ። መዝገብ ቤት ሲሠራ አንድም ጊዜ ቀን ወደ ኋላ ገፍቶ ጽፎ የማያውቅ፣ ለለመኑት ሁሉ «ሬሳዬ ላይ» የሚል ሰው፣ ያን ዕለት ለእህቱ ሲል ገፋው።

ይኼኛው ስህተት የእህትና የወንድሙ ነው፤ የሌላ የማንም ሊሆን አይችልም። አጭበርባሪ ቢሆኑ ኖሮ የትልቅ ፋብሪካ ደረሰኝ ያስመስሉ ነበር። እነሱ ግን እውነተኛ ስሟን፣ እውነተኛ ቤቷን፣ እውነተኛ ሥራዋን ጽፈው፣ ውሸት ያደረጉት ቀኑንና ሽያጩን ብቻ ነው።

መልሱ ከበፊቶቹ ፈጥኖ ደረሰ። ወንድሟ ሲያነበው ከንፈሩ ደረቀ። ያቀረቡት ሰነድ ትክክለኛነቱ ሊረጋገጥ አልቻለም። ሻጩና ገዢው አንድ አድራሻ ላይ ናቸው። የተሠሩ ወይም የተለወጡ ሰነዶችን ማቅረብ አካውንትን እስከ መዝጋት ያደርሳል። የመጨረሻ አንድ ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ።

ወንድሟ ቀስ ብሎ ማህተሙን ከኪሱ አወጣና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«አሁን እኔ ነኝ የምናገረው፤ አንተ ጻፍ ብቻ» አለች ባለ ሁለት መርፌዋ።

መጀመሪያ ግን ቆዳ ወደምትገዛበት ሱቅ ሄደች። ቆዳ ሻጩ ከሩቁ ሲያያት «እንዴ፣ ጠፋሽ! ሰው አስቀየመሽ?» አለ። የሆነውን ነገረችው። ሰውየው ለሁሉም ነገር የሚያጉረመርም ነው፤ እያጉረመረመም ጓዳ ገብቶ ለሷ የቆረጣቸውን የሽያጭ ደረሰኞች ቀሪ ፈልጎ አወጣላት። ቆዳ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ የነሐስ ዘለበት፤ ሁሉም በስሟ፣ ሁሉም በትክክለኛ ቀኑ። ስልክ ደውለው ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ ብሎ ቁጥሩን ጻፈላት። እነዚህን ነበር ገና ከመጀመሪያው መላክ የነበረባቸው። ወንድሟ ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ «የዕቃ ደረሰኝ መስሎኝ፣ የዕቃ!» እያለ። እሱ ያሰበው የተሸጠውን ቦርሳ ደረሰኝ ነው፤ ቦርሳ የሚሆነው ቆዳ ደረሰኝ በሐሳቡም አልመጣለትም።

ከዚያ ፎቶ አነሱ። ብሎኑን፤ ግማሽ የተሰፋ ቦርሳ ሁለቱ መርፌዎች እንደተሰኩበት፤ ወፏንና የኩባንያውን ወፍ ጎን ለጎን። ቆዳውን ከመቁረጥ እስከ መዶሻው ምት ድረስ በቪዲዮ ቀረጹ። ወንድሟ ስልኩን ይዞ ዙሪያዋን እየዞረ ይቀርጽ ስለነበር ቪዲዮው መሬት የምትናወጥ ያስመስላል። ከዚያ ተቀመጡና አስጻፈችው።

«ለሚመለከተው ክፍል፣ ብለህ ጀምር። ይህን ደብዳቤ ሰው እንዲያነበው እለምናለሁ። ከገበያችሁ ያነሳችሁት ቦርሳ የማንም ቅጂ አይደለም። እኔ ቤቴ ተቀምጬ በእጄ የምሠራው ነው። የገጹ ቁጥር ይኸው፣ ቁጥሩን አግባ። አምራች ስለሌለኝ የአምራች ደረሰኝ የለኝም፤ የቆዳው፣ የክሩና የዘለበቱ ደረሰኝ ግን ይኸው፤ የሻጩም ስልክ አለ። ምልክቴን ከኩባንያው ምልክት ጋር አስተያዩት። የነሱ ወፍ ክንፏ የተዘረጋ ነው፣ ፊት ለፊት ትሄዳለች። የኔ ቆማለች፣ አንገቷ ዞሯል፣ ክንፍ የላትም። የኩባንያው ስም ቦርሳዬም ላይ ገጼም ላይ የለም። የነሱ በመኪና የተሰፋና በማጣበቂያ የተያዘ ነው። የኔ ቦርሳ ውስጥ ጠብታ ማጣበቂያ ካገኛችሁ ያላችሁትን ሁሉ እቀበላለሁ።»

ወንድሟ እየጻፈ «ይኼ ጥሩ ነው፣ ይኼ በጣም ጥሩ ነው» ይላል።

«አሁን ደግሞ እንዲህ በል። ባለፈው የላክሁት ደረሰኝ እኔው ያዘጋጀሁት ነው። የጠየቃችሁን ወረቀት ለማሟላት ብዬ ነው። ቀኑም እውነተኛ ቀን አይደለም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የወንድሟ ጣት ቆመ።

«ይኼን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«እታለም፣ ስሚኝ። ወረቀቱን አላረጋገጥነውም ነው ያሉት፤ ውሸት ነው አላሉም። ዝም ካልሽ በዚያው ይቀራል። አጥፍቻለሁ ብሎ በእጁ የጻፈ ሰው ፋይል እንዴት እንደሚዘጋ እኔ ነኝ የማውቀው። ሥራዬ ነው!»

«በወረቀት ነገርማ አንዴ ሰምቼሃለሁ» አለችው።

ይህ ቃል ጎዳው። ሲጎዳው አየች፤ መልሳ ልትውጠው ፈለገች ግን ወጥቷል። ለስለስ ብላ ቀጠለች፦ «እኔ ፎርጅድ አልሠራሁም ብዬ ልማልላቸው ነው። ያ ወረቀት እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ያምኑኛል? ሰው ከሆነ የሚያነበው፣ ለምን እንዳደረግሁት ይገባዋል።»

«ሰው ቢሆንም እኮ ደንብ አለው።»

«ጻፍ፣ ወንድሜ።»

ጻፈ። ሲጨርስ መለስ ብሎ አነበበውና አንድ ነገር አስተዋለ። እኔው ያዘጋጀሁት ነው ነበር ያለችው። ወንድሜ አላለችም፤ ማህተሙንም፣ ቀኑንም፣ ሁሉንም በራሷ ላይ ነው የጫነችው። ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ ግን «ላከው በቃ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

መጠበቁ ከሁሉ የከፋ ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሳዋለች፤ የሚመጣው የቴሌ ማስታወቂያ ነው። ሥራ ለመሥራት ትቀመጣለች፣ ክሩን ሰም ትቀባለች፣ ትተወዋለች። የፋብሪካዋ ጓደኛ ደወለች፤ ነገ ሰው ማስገባት አለብኝ፣ ቁርጥሽን ንገሪኝ አለቻት። «እስከ ነገ ጠዋት ብቻ» አለች ባለ ሁለት መርፌዋ፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው እስኪመስል። አምላክን ለመነች። የድጋፍ ክፍሉን ሰው፣ ማን እንደሆነ የማታውቀውን፣ ጾታውን የማታውቀውን ሰው ጭምር በልቧ ለመነችው፤ እናትህ ትሙት፣ አንብበው እያለች።

ጠዋት ወንድሟ ወደ ሥራ ሊወጣ ሸሚዙን ሲቆልፍ መልእክቱ ገባ።

«መጣ» አለ።

«አንብብ።» ግድግዳውን ያዘች።

«የተከበሩ ሻጭ። ይግባኝዎን ባለሙያችን ራሱ አንብቦ ተመልክቶታል። ያያያዟቸው የጥሬ ዕቃ ደረሰኞችና ምስሎች ተረጋግጠዋል። ምልክትዎ ከተጠቀሰው የንግድ ምልክት የተለየ ሆኖ አግኝተነዋል። ዕቃዎ ሐሰተኛ አይደለም፤ ጥርጣሬው ተነስቷል። ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን...»

ቀጥሎ ያለውን አልሰማችውም። ጮኸች። ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ግንባሩን ሳመችው፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ለቅሶና ሳቅ ተቀላቀለባት። «አላልኩህም? ሰው ነው አላልኩህም? አነበበው!» እያለች ተሸከረከረች። የተጠቀለለውን ቆዳ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ የራሷን ስልክ አነሳችና ጓደኛዋ ጋ ደወለች።

«የኔ እመቤት፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው! አዎ! መለሱልኝ! ፎርጅድ አይደለም አሉ፣ ይቅርታም ጠየቁኝ። አንቺም ከዚያ ጉድጓድ የምትወጪበትን ፈልጊ፣ መስፋት አስተምርሻለሁ፣ እሺ? በይ ቻው።»

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ወንድሟ እዚያው ቆሟል። ሸሚዙ እስከ ግማሽ ተቆልፎ ቀርቷል። ዓይኑ ከስልኩ ላይ አልተነሳም።

«ምን ሆንክ?»

ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«አንተ! አልጨረስከውም እንዴ?»

«አልጨረስኩትም።»

«ጨርሰዋ።»

ማንበብ ሲጀምር ድምፁ እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ደረቅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልወጣው አለ። «ይሁን እንጂ፣ በደብዳቤዎ እንዳረጋገጡልን፣ ቀደም ሲል ያቀረቡት ደረሰኝ በራስዎ የተዘጋጀና ቀኑም ትክክለኛ ያልሆነ ነው። የተሠራ ሰነድ ማቅረብ የገበያችንን ደንብ መጣስ ነው። በዚህም ምክንያት አካውንትዎ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። በሌላ ስም ወይም በሌላ አካውንት መሸጥ አይችሉም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

የተዘረጋው ቆዳ ላይ ነበር የቆመችው። ቀስ ብላ ከላዩ ወረደች።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ። «ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት እላለሁ፣ ስሜን፣ መሥሪያ ቤቴን...»

«ምን ሊያደርግልህ? የመጨረሻ ነው አሉ እኮ።»

«አትጻፊው ብዬሽ ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰፈሩ በሙሉ ማህተም የሚለው፣ ለባለጉዳይ ፈገግ የማይል ሰው። እሷ አላለቀሰችም። አጠገቡ ተቀመጠችና ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ልጅ ሆኖ ሲወድቅ እንደምታደርገው።

«ሐሰተኛ አይደለም ያሉት ግን እውነት ነው አይደል? አንተ የጨመርከው አይደለም?»

«ብለዋል።»

«እሱን ብቻ ደግመህ አንብብልኝ።»

አነበበላት። እንደገና አለችው፤ እንደገና አነበበላት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችና ስልኳን ከመሬት አንስታ ደወለች። ጥሪው ረዘመ። አልነሳ ሲል ደግማ ደወለች። አሁን ከመልእክቱ ይልቅ የፈራችው ይህን ነበር።

«ሃሎ? እኔ ነኝ። አዎ፣ ያው... ኋላ እነግርሻለሁ። ቦታውን ለሰው ሰጥተሽዋል እንዴ?»

ከወዲያ ሳል ተሰማ። ረጅም ሳል ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ኧረ ገና ነኝ፤ አሁን ልነግራቸው ስገባ ነው የደወልሽው» አለች ጓደኛዋ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ባለ ሁለት መርፌዋ፣ እፎይ ብላ። «የፋብሪካው ሰርቪስ መኪና አሁንም ድሮ ቦታው ነው የሚያቆመው?»